ፍሬን የሚለቀቅበት ቦታ፦ ሲሙሌሽንን ከአርኬድ ስለሚለየው ነገር የቀረበ ምላሽ

በመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ወዳጆች ዘንድ ሲደጋገም እንደ ተረጋገጠ እውነት የተቆጠረ አንድ አቋም አለ። አቋሙ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው፣ ሲሙሌሽን የሚባሉት ጨዋታዎች እውነተኛ መንዳት ናቸው፣ አርኬድ የሚባሉት ግን መጫወቻ ብቻ ናቸው፤ ልዩነታቸውም በክብደታቸው ይታወቃል ይላል። ሁለተኛው፣ ከአርኬድ ወደ ሲሙሌሽን የሚያሻግረው መሪ ስለሆነ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ኃይለኛ ሞተር ያለው መሪ ይግዛ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ ፍሬን መማር ማለት በመንገዱ ዳር ምልክት መርጦ በቃል መያዝ ነው፤ ፈጣን ነጂም ከሌሎች ዘግይቶ ፍሬን የሚይዝ ነው ይላል።

በእኔ አስተያየት ሦስቱም ስህተቶች ምንጫቸው አንድ ነው። አቋሙ የፍሬንን መጀመሪያ ብቻ ያያል፤ መጨረሻውን አያይም። ሲሙሌሽንና አርኬድ በእርግጥ የሚለያዩት እግር ፍሬኑን ከነካበት ቅጽበት አንሥቶ ሙሉ በሙሉ እስከሚለቅበት ቅጽበት ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ በሚሆነው ነገር ነው። ይህ ከታወቀ፣ የትኛው ዕቃ ቀድሞ መገዛት እንዳለበትና የፍሬን ቦታ እንዴት መጠናት እንዳለበት መልሱ ይለወጣል።

ከክብደቱ ልጀምር። ከባድ ጨዋታ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ እውነተኛ የሆነው ሁሉም ከባድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ» በአስቸጋሪነቱ ስሙ የሚነሣ ሲሙሌሽን ነው። ያስቸገረው ግን የ1967ን የፎርሙላ ዋን ውድድር ዘመን መኪኖች ስለያዘ ነው፤ እነዚያ መኪኖች ብዙ የሞተር ጉልበት እንጂ ወደ መሬት የሚጫን ክንፍ አልነበራቸውም። በሌላ በኩል፣ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ኤቢኤስና የጎማ መሽከርከርን የሚቆጣጠር ሥርዓት የተገጠመለት የዘመናችን ጂቲ3 መኪና፣ በጥሩ ሲሙሌሽን ውስጥ ጀማሪም ሳይሽከረከር ዙሩን የሚጨርስበት መኪና ነው። ሁለቱም ሲሙሌሽን ናቸው፤ አንዱ ይከብዳል፣ ሌላው ይቀላል። ስለዚህ ክብደት መለኪያ ሊሆን አይችልም።

አርኬድንም ያልተሳካ ሲሙሌሽን አድርጎ ማየት ታሪኩን መሳት ነው። የሴጋ «አውትራን» እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወጣ ሳንቲም የሚጎርስ ማሽን ነበር። የቆመለት ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መኪናውን ተላምዶ፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ቀጣዩ ኬላ ላይ ለመድረስ መታገል ነበረበት። እንዲህ ላለ ሰው የተሠራ መኪና ባሕርዩ በዓላማ የተቀረጸ ነው። በ1993 የወጣው የናምኮ «ሪጅ ሬሰር» ይህን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ወደ ኩርባ ስንደርስ ነዳጁን ለቀቅ እናደርጋለን፣ መሪውን እናዞራለን፣ ነዳጁን መልሰን እንሰጣለን፤ መኪናው ወደ ጎን እየተንሸራተተ ብዙ ፍጥነት ሳያጣ ኩርባውን ይዞ ይወጣል። በ2003 በወጣው «አውትራን 2» ደግሞ እየታጠፍን ፍሬኑን ነካ ማድረግ ለመንሸራተቻው ትእዛዝ ነው። አርኬድ የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉንም በሚገባ ለማወቅ ልምምድ ይጠይቃል።

ልብ ልንለው የሚገባው ፍሬኑ በእነዚህ ጨዋታዎች ምን እንደሚሠራ ነው። ፍሬኑ መኪናውን ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሁኔታ የሚቀይር ምልክት ነው። ስንት ኪሎ ተጫንን፣ በምን ፍጥነት ለቀቅን የሚለው ብዙም አይታሰብም። ከነካነው ተነካ፤ መንሸራተቱ ጀመረ።

በሲሙሌሽን ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ከጎማው ይጀምራል። የኔዘርላንዱ መሐንዲስ ሃንስ ፓሴይካ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው ስሌት፣ በኋላም «ማጂክ ፎርሙላ» ተብሎ የታወቀው፣ ጎማ ሲንሸራተት የሚሰጠው ኃይል እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ በመስመር ያሳያል። ጎማው ከመኪናው ፍጥነት በመጠኑ ቀርፈፍ ብሎ ሲዞር ኃይሉ ይጨምራል፤ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ አልፎ ሲቆለፍ ኃይሉ ይወርዳል። ስለዚህ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው መርገጥ ሁልጊዜ በአጭር ርቀት አያቆምም። ኤቢኤስ የሌለው መኪና ጎማው ከተቆለፈ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በዝግታ ይሆናል፤ መሪው ቢዞርም መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል።

ሁለተኛው የጎማ ሕግ ከዚህ ይበልጣል። አንድ ጎማ በአንድ ቅጽበት አስፋልቱን የሚይዝበት አቅም ወሰን አለው፤ ያው አቅም ለማቆምም ለመታጠፍም ይውላል። ሁለቱ ኃይሎች ግን አንዱ ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ጎን ስለሚሠሩ፣ ክፍፍሉ ተራ መደመርና መቀነስ አይደለም። በቀላሉ የጎማውን አቅም እንደ ክብ አድርገን ብናስበው፣ 90 በመቶውን ለፍሬን ያዋለ ጎማ ለመታጠፍ የሚተርፈው 10 በመቶ ሳይሆን 44 በመቶ ያህል ነው። ፍሬኑ ወደ 50 በመቶ ሲወርድ ደግሞ ለመታጠፍ 87 በመቶ ያህሉ ነጻ ይሆናል። ይህ ማለት ፍሬኑን ቀስ እያሉ እየለቀቁ መሪውን ቀስ እያሉ ማዞር ይቻላል ማለት ነው፤ የተካኑ ነጂዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ሲሙሌሽን የሚፈትነውም ይህን የመልቀቅ ጥበብ ነው። የሁለቱ ጨዋታዎች ድንበር እዚህ ላይ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል፣ ማለትም «ዘግይቶ ፍሬን የያዘ ያሸንፋል» ወደሚለው እንምጣ። አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ። ቁጥሮቹን የመረጥኩት ለስሌት እንዲመቹ ነው። አንድ ክንፍ የሌለው የስፖርት መኪና በቀጥታው መንገድ መጨረሻ ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ኩርባው የሚፈቅደው 80 ነው። ፍሬኑ በሚገባ ሲያዝ ፍጥነቱ በየሰከንዱ 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይቀንሳል፤ ይህ በሜትር ሲለካ በየሰከንዱ 10 ሜትር በሰከንድ ነው። ከ200 ወደ 80 ለመውረድ 3.3 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ መኪናው የሚሄደው 130 ሜትር ያህል ነው። ስሌቱ የሚከተለው ነው፤ ፍጥነቶቹ በሜትር በሰከንድ ይገባሉ፦

d = (v₁² − v₂²) ÷ 2a

አሁን ነጂው 5 ሜትር ዘገየ እንበል። በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 5 ሜትር ማለት የሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ፍሬኑን ግን በዚያው መጠን ስለያዘ፣ መኪናው ኩርባው አፍ ላይ የሚደርሰው በ80 ሳይሆን በ88 ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በዚያው መስመር ለመታጠፍ ጎማው 20 በመቶ ተጨማሪ ኃይል መስጠት አለበት። ያንን ደግሞ የለውም። መኪናው ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ነጂው ነዳጅ ለመስጠት እስኪስተካከል ይጠብቃል።

ነጂው ያን 5 ሜትር በትክክል ቢሠራውስ? ፍሬኑን በመጠኑ ጠበቅ አድርጎ በ125 ሜትር ውስጥ ወደ 80 ቢወርድ የሚያተርፈው ጊዜ 0.04 ሰከንድ ያህል ነው። አሁን ይህን ከሌላ ነገር ጋር እናወዳድረው። ከኩርባው ሲወጣ መኪናው ስላልተስተካከለ ነጂው ነዳጅ ለመስጠት 0.3 ሰከንድ ቢዘገይ፣ ከኩርባው በኋላ ረጅም ቀጥታ መንገድ ካለና መኪናው እንደገና ወደ 180 ኪሎ ሜትር ከደረሰ፣ በዚያ ቀጥታ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ኪሳራ 0.17 ሰከንድ ገደማ ነው። ትርፉና ኪሳራው ሲነጻጸሩ ኪሳራው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በ5 ሜትር መዘግየት ለማትረፍ የሞከረ ሰው አንድ ጊዜ ከተሳሳተ፣ ያን ለመመለስ አምስት ጊዜ በትክክል መሥራት ይኖርበታል።

ይህ ማለት መዘግየት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ተፎካካሪን ኩርባ መግቢያ ላይ ለማለፍ የሚፈልግ ሰው ዘግይቶ መያዝ ግድ ይሆንበታል፤ በዚያን ጊዜ የሚፈለገው ቦታ እንጂ ጊዜ አይደለም። የማስተባብለው፣ የፍሬን መጀመሪያ ቦታ የነጂ ችሎታ መለኪያ ነው የሚለውን ነው።

ምልክትን በቃል መያዝ ብቻውን የማይበቃበትን ምክንያትም ይኸው ስሌት ያሳያል። ነጂው ከፊቱ ካለ መኪና ጀርባ በመሆኑ የአየር ግፊቱ ቀንሶለት በ200 ፈንታ በ210 ደረሰ እንበል። ፍጥነቱ የጨመረው 5 በመቶ ነው፤ የሚያስፈልገው ርቀት ግን ከ130 ወደ 145 ሜትር ያድጋል። ጎማው ገና ስላልሞቀ ፍሬኑ በየሰከንዱ 36 ሳይሆን 32 ብቻ የሚቀንስ ቢሆንም ርቀቱ ወደ 145 ሜትር ይጠጋል። ሁለቱ አብረው ከመጡ ደግሞ ርቀቱ ከ160 ሜትር ያልፋል። ትናንት ብቻውን ሲለማመድ በቃሉ የያዘው ምልክት ዛሬ በውድድር ውስጥ ከመንገድ ያስወጣዋል።

የጣሊያኑ ሞንዛ ይህን በግልጽ የሚያሳይ ቦታ ነው። የውድድሩ መንገድ 5.793 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመነሻው በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ኩርባ ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ያለው ጠባብ ቀኝ-ግራ መታጠፊያ፣ ቫሪያንቴ ዴል ሬቲፊሎ ነው። ርቀት የሚጠቁሙ ሰሌዳዎች በዳር ተተክለውለታል፤ ጀማሪ ሁሉ ዐይኑን እነሱ ላይ ይተክላል። በውድድር ውስጥ ግን መኪኖቹ ተከታትለው በአንድ መስመር ይሄዳሉ፤ ከፊት ያለው መኪና ሰሌዳውን ይጋርዳል፤ የኋላው ደግሞ በእርሱ ጥላ ስለሚጎተት ከልምምዱ ይልቅ ይፈጥናል። ምልክቱ የጠፋውም ርቀቱ የረዘመውም በአንድ ጊዜ ነው። 

ታዲያ ምን ይጠና? እኔ የማቀርበው ቅደም ተከተል ከመጨረሻው የሚነሣ ነው። በመጀመሪያ መንገዱ ላይ የሚሣለውን፣ በፍጥነታችን ልክ ቀይና አረንጓዴ የሚሆነውን መሪ መስመር ማጥፋት ያስፈልጋል። መስመሩ ዐይንን ከመኪናው ፊት ለፊት ባለው አስፋልት ላይ ያስቀረዋል፤ ነጂው ኩርባውን ሳይሆን ቀለሙን ያነብባል። ቀጥሎ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ የሚለቀቅበትን ቦታ መወሰን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ይህ ቦታ ከኩርባው ውስጠኛ ጫፍ ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም እዚያው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደን መሪው የሚዞርበትን ቦታ እንመርጣለን። የፍሬኑ መጀመሪያ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሆን ተብሎም ቀደም ተደርጎ ይጀመራል።

ምልክቱ የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። ጥላ በሰዓቱና በአየሩ ሁኔታ ይለወጣል፤ የፕላስቲክ ኮን በሌላ መኪና ይገጫል፤ በአንዳንድ ሲሙሌሽኖች የርቀት ሰሌዳውም ተገጭቶ ይወድቃል። የድልድይ ጠርዝ፣ የአስፋልቱ ቀለም የሚለወጥበት መስመር፣ የኩርባው ዳር ጠርዝ የሚጀምርበት ቦታ ግን ይቆያሉ። ቀደም ብለን ስንይዝ መኪናው ኩርባው አፍ ሳይደርስ በጣም ከቀዘቀዘ ምልክቱን ወደ ፊት እንገፋለን። መኪናው በተፈለገው ፍጥነት ደርሶ አልታጠፍ ካለ ግን ምልክቱን መንካት ስህተት ነው፤ ጥፋቱ ያለው በአለቃቀቁ ላይ ነው።

ይህን የሚያረጋግጥልን ማስረጃ ብዙ ሲሙሌሽኖች በመረጃ መልክ የሚያስቀምጡት የፍሬን መስመር ነው። መስመሩ ወደ ቀኝ ርቀትን፣ ወደ ላይ የፍሬኑን ግፊት ያሳያል። የተካነ ነጂ የሚሥለው ቅርጽ በፍጥነት ይወጣል፣ ከላይ ለአጭር ጊዜ ይቆያል፣ ከዚያ ረጅም ተዳፋት ይዞ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ክንፍ ባላቸው መኪኖች ይህ ተዳፋት ግዴታ ነው፤ ክንፉ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫንበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ስለሚወርድ፣ በ250 ያልቆለፈው ግፊት በ120 ጎማውን ይቆልፈዋል።

የጀማሪ መስመር ሦስት ዓይነት ስህተት ያሳያል። ከላይ ያለው ሜዳ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተንቀጠቀጠ፣ እግሩ አንድ ዓይነት ግፊት መያዝ አልቻለም። መስመሩ ወርዶ ከኩርባው በፊት ሁለተኛ ጉብታ ከሠራ፣ ነጂው ርቀቱን አሳስቶ ገምቷል፤ ለቀቀና ደነገጠ፣ እንደገና ያዘ። መስመሩ ከላይ እንደ ገደል በአንድ ጊዜ ከወደቀ ደግሞ፣ በፍሬኑ ወደ ፊት ጎማዎች ተደፍቶ የነበረው የመኪናው ክብደት ድንገት ወደ ኋላ ተመልሷል። የፊት ጎማዎቹ በጣም በሚፈለጉበት ሰዓት ቀለሉ፤ መኪናውም አልታጠፍ አለ። ይህ ሦስተኛው በጣም የተለመደው ነው፤ ነጂዎችም አብዛኛውን ጊዜ «ዘግይቼ ያዝኩ» ብለው ምልክቱን ያለ ምክንያት ወደ ኋላ ይመልሱታል።

ከዚህ ተነሥተን የዕቃውን ጥያቄ እንመልከት። የመሪ ደጋፊዎች የሚሉት ባዶ አይደለም። ጥሩ መሪ ስለ ፊት ጎማዎች እውነተኛ ወሬ ያቀብላል። በእውነተኛ መኪና እንደሚሆነው፣ መሪው ላይ የሚሰማው ክብደት መቅለል የሚጀምረው ጎማው ከፍተኛውን የጎን ኃይል ከመስጠቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ እጅ ይህን ከለመደ ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል። ሞተሩ በቀጥታ ከመሪው ዘንግ ጋር የተያያዘ መሪ ይህን በጥራት ያስተላልፋል፤ በጥርስ ወይም በቀበቶ የሚሠራው ደግሞ በመጠኑ ያደበዝዘዋል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን በቀጥታ መንገድ ላይ መኪናው ሲቆም መሪው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የፍሬን ሥራ የሚሠራው እግር ነው።

በቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጎድለዋል። በእውነተኛ መኪና ውስጥ ፍሬን ሲያዝ ቀበቶው ደረትን ይጫናል፣ አካል ወደ ፊት ይገፋል፤ ነጂው የመቆሙን ጥንካሬ በሰውነቱ ያውቃል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ስክሪን የሚያይ ሰው ይህ የለውም። የቀሩት መረጃዎች የጎማው ድምፅ፣ የሞተሩ ድምፅ መውረድ፣ ዐይኑ የሚያየው እና እግሩ የሚሰማው ተቃውሞ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከአካል ጋር በቀጥታ የተገናኘው የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ፔዳል አለ። በርካሽ ዕቃዎች ላይ ያለው ፔዳሉ ምን ያህል እንደተጓዘ ይለካል፤ እግር ግማሽ መንገድ ከሄደ ፍሬኑ ግማሽ ነው። ሁለተኛው ሎድ ሴል የሚባለው ነው፤ እርሱ የሚለካው ጉዞውን ሳይሆን የተጫነበትን ኃይል ነው። የእሽቅድድም መኪና ፍሬን ፔዳልም ጥቂት ተጉዞ ይጠነክርና ከዚያ በኋላ የሚሠራው በኃይል ነው። አንድን ግፊት ደግሞ ደጋግሞ መስጠት ለእግር ጡንቻ ይቀላል፤ በአየር ላይ የተወሰነ ሴንቲሜትር ፈልጎ መቆም ግን ያስቸግራል። ከላይ ያየነው የመጋዝ ጥርስ መስመርም በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ በጀቱ አንድ ዕቃ ብቻ የሚፈቅድ ሰው መሪውን እንዳለ ትቶ ፔዳሉን ቢለውጥ፣ የሚያገኘው ለውጥ ይበልጣል።

ይህ ምክር የሚበላሽባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው አቀማመጡ ነው። ጎማ ያለው የቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጠንካራ ፔዳል ሲረግጥ ወንበሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ፔዳሉ ደግሞ በወለሉ ላይ ይንሸራተታል። እንዲህ ከሆነ የተለካው ኃይል ትርጉም አይኖረውም። ፔዳሉ ከግድግዳ ጋር ይደገፍ፤ ወንበሩ ጎማ የሌለው ይሁን፣ ወይም ሁለቱ በአንድ ብረት ይታሰሩ። ሁለተኛው የማስተካከያው ነገር ነው። ሙሉ ፍሬን የሚባለው ግፊት ነጂው ውድድሩ እስኪያልቅ ሳይደክም ሊደግመው የሚችለው መሆን አለበት። በተቃራኒው፣ እንደ ሎጂቴክ ጂ29 ያሉ መሪዎች ፔዳል ውስጥ ያለው ላስቲክ የመጨረሻውን ጉዞ ስለሚያጠነክረው፣ ብዙ ሰው ሙሉውን ሳይረግጥ «የዚህ ጨዋታ ፍሬን አይዝም» ይላል። መፍትሔው በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ የፍሬኑ መለኪያ በርግጥ 100 መድረሱን ማየት ነው።

ከፔዳሉም የሚቀድም፣ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ነገር አለ፤ እርሱም የስክሪኑ የእይታ ስፋት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስክሪን ከዐይን በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ካለ፣ ትክክለኛው የአግድም እይታ 53 ዲግሪ ያህል ነው። ብዙ ሰው ዳርና ዳሩን ለማየት ሲል ይህን ወደ 80 ወይም 90 ያሰፋዋል። ያን ጊዜ ሩቁ ነገር ከሚገባው በላይ ያንሳል፤ ኩርባውም የራቀ ይመስላል፤ ከዚያም ድንገት ይደርሳል። ርቀት የመገመት ችግር አለብኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ቁጥር ይመልከት።

በጆይስቲክ የሚጫወተውን ሰው ልተወው አልፈልግም፤ በሀገራችን የፕሌይስቴሽን ቤቶች ያለው ተጫዋችም መሪና ፔዳል ሳይሆን ጆይስቲክ ይዞ ነው የሚቀመጠው። የፍሬኑ ቁልፍ L2 አጭር ቢሆንም ከዜሮ እስከ መቶ ያለውን ሁሉ ያነብባል። በፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ደግሞ ቁልፉ ራሱ ጣትን የሚቃወም አሠራር አለው፤ በ2022 የወጣው «ግራን ቱሪስሞ 7»ም ይህን ለፍሬኑ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ከላይ የተነገረው የመልቀቅ ተዳፋት በጣትም ይሠራል፤ ትዕግሥቱ ብቻ ይበልጣል። መሪ የሌለው ሰው ሲሙሌሽን መማር አይችልም የሚለውን አባባል በዚህ ምክንያት አልቀበለውም።

አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በተካሄደው ጂቲ አካዳሚ አማካይነት ከ«ግራን ቱሪስሞ» ወጥተው እውነተኛ መኪና የነዱ ሰዎች አሉ፤ የመጀመሪያው አሸናፊ ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኔዝ ነበር፣ በ2011 ደግሞ ያን ማርደንቦሮ አሸነፈ። ይህ ሲሙሌሽን እውነተኛ መንዳት ለመሆኑ ማስረጃ ነው ይባላል። እውነቱ ግን አሸናፊዎቹ ወደ ውድድር የገቡት በእውነተኛ መኪና ላይ ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ መሆኑ ነው። ጨዋታው ያስተላለፈላቸው መስመርን ማንበብ፣ ፍጥነትን መመዘን፣ የፍሬንን ቅርጽ ማወቅ ነው። አካል የሚሰማውን ኃይል፣ ሙቀቱን፣ የግጭት ፍርሃትን ስክሪን አይሰጥም። ይህ ማስረጃ እንግዲህ የሚደግፈው የእኔን ሐሳብ ነው፤ ከስክሪን ወደ መንገድ የሚሻገረው ዕውቀት ያለው በፍሬኑ አያያዝና አለቃቀቅ ላይ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። አርኬድ የራሱን ሕግ የሚያከብር ጨዋታ ነው፤ ሲሙሌሽን ደግሞ የሚታወቀው ፍሬኑ በተለቀቀበት አኳኋን የመኪናው ባሕርይ በመለወጡ ነው። ለግዢ የተዘጋጀ ሰው ከመሪው በፊት ፔዳሉን፣ ከፔዳሉም በፊት ወንበሩንና የስክሪኑን እይታ ያስተካክል። ለልምምድ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዛሬ አንድ ኩርባ ብቻ ይምረጥ፤ መሪ መስመሩን ያጥፋ፣ ከለመደው ቀደም ብሎ ፍሬን ይያዝ፣ ትኩረቱንም ሁሉ ፍሬኑ ወደ ዜሮ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ያድርግ። ተዳፋቱ ሲስተካከል የፍሬኑ መጀመሪያ ቦታ በራሱ ወደ ፊት ይሄዳል።